ካርዱ ሳይመጣ አትቁረጥ

(በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ለማታ ተማሪዎች ከፈተና በፊት የተደረገ የክለሳ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ።)

እንደምን አመሻችሁ። ብዙዎቻችሁ ከሥራ በቀጥታ እንደመጣችሁ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ነገር አላንዛዛም። የዛሬው ክለሳ ስለ ፑሽና ፑል፣ ስለ ጀስት ኢን ታይምና ስለ ካንባን ነው። ምዕራፉ ረጅም ነው። እኔ ግን አብዛኛውን ሰዓት በአንድ ወርክሾፕ፣ በአንድ የወንበር እግር ላይ ላጠፋው ነው። እግሩ ከገባችሁ ሌላው ይከተላል።

መጀመሪያ ግን እዚህ ታክሲ ተራ እንውጣ። ተራ አስከባሪ በሌለበት ቀን አምስት ሚኒባሶች በአንድ ጊዜ ይጭናሉ። አምስቱም ረዳቶች ይጣራሉ። ግማሽ ሰዓት ቆማችሁ ብታዩ በእያንዳንዱ መኪና ሦስት ሦስት ሰው ተቀምጧል። አሥራ አምስት ሰው ማለት ነው። አንድ መኪና ሞልቶ ለመሄድ ከበቂ በላይ ነው፤ ግን ማንም አልሄደም። ተራ አስከባሪ ሲኖር አንዱ ብቻ ይጭናል። እሱ ሞልቶ ሲወጣ ቦታው ባዶ ይሆናል፤ ባዶው ቦታ የሚቀጥለውን መኪና ይጠራል። ያቺ ባዶ ቦታ ካንባን ናት። ካርድ የላትም፣ ጽሑፍ የላትም፣ ግን ሥራዋ ያው ነው፤ “አሁን አንድ ይግባ፣ ከአንድ በላይ ግን አይግባ” ትላለች።

ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። በፑሽ ሥርዓት ሥራውን የሚያስጀምረው ዕቅድ ወይም ግምት ነው። ፊት ለፊት ያለው ጣቢያ ፈለገውም አልፈለገውም ከኋላ ይገፋለታል። በፑል ሥርዓት ሥራውን የሚያስጀምረው ከፊት የተወሰደ ነገር ነው። አንድ ካልተወሰደ አንድ አይሠራም። ስለዚህ በመካከል የሚከማቸው ዕቃ ጣሪያ አለው። ፈተና ላይ “የፑል ዋና መለያ ምንድን ነው?” ቢባል “ደንበኛ ሲያዝ ብቻ መሥራት” ብላችሁ አትመልሱ። በሥራ ላይ ያለው ዕቃ መጠን መገደቡ ነው ዋናው። ለሠርግ ሁለት መቶ ወንበር ታዘዘ እንበል። ወርክሾፑም የሁለት መቶውን ብረት በአንድ ቀን ቆርጦ ወለሉ ላይ ዘረገፈው። ትእዛዝ ነበረ፤ ሥርዓቱ ግን ፑሽ ነው። በተቃራኒው ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ዘይት ተደርድሮ ይጠብቃል። ማንም በስሙ አላዘዘውም። ግን ሁለት ሲወሰድ ሁለት ብቻ ስለሚተካ ፑል ነው።

ሱፐርማርኬቱን ያነሣሁት እንዲሁ አይደለም። የቶዮታው ታይቺ ኦኖ ሐሳቡን ያገኘው ከአሜሪካ ሱፐርማርኬቶች አሠራር እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። ገዢው የሚፈልገውን፣ በሚፈልገው ሰዓት፣ በሚፈልገው መጠን ያነሣል፤ ሠራተኛው የተነሣውን ያህል ይተካል። “ጀስት ኢን ታይም” የሚለው አነጋገር ደግሞ ከእሱ በፊት የቶዮታ መኪና ኩባንያን የመሠረተው የኪኢቺሮ ቶዮዳ ነው። ሁለቱን አትደባልቁ። ጀስት ኢን ታይም ግቡ ነው፤ ዕቃው በሚፈለግበት ሰዓት ይድረስ፣ ቀድሞም አይከመር፣ ዘግይቶም አያስቁም። ካንባን መሣሪያው ነው። በጃፓንኛ የምልክት ሰሌዳ ማለት ነው፤ ሱቅ ደጃፍ ላይ እንደሚሰቀለው።

አሁን ወደ ወርክሾፑ። ገላን አካባቢ፣ ዛሬ ስሙን የማልጠራው ቤት ነው። እዚያ የምርት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። የብረት ወንበር እንሠራለን። በቀን ሠላሳ ወንበር ይወጣል። አንድ ወንበር አራት እግር አለው፤ ስለዚህ በያጆቹ በቀን 120 እግር ይጨርሳሉ። ቆራጩ ቱቦላሬውን በ45 ሴንቲሜትር ይቆርጣል፣ ጫፉን በሞረድ ያለሰልሳል፣ ለበያጅ ያስተላልፋል። ከዚያ ቀለም፣ ከዚያ ገጣጠማ።

ቆራጩ በጣም ታታሪ ሰው ነበር። የሳምንቱን ዕቅድ ሰኞ ጠዋት እንሰጠዋለን፤ 600 እግር። ማክሰኞ ማታ ጨርሶ ግድግዳው ሥር ይቆልለዋል። እኛም እናመሰግነዋለን። በበያጆቹ ቦታ ያለፈው ሳምንት ትራፊ ስላለ አዲሱን ክምር የሚነኩት ዘግይተው ነው።

አንድ ሐሙስ ከቀትር በኋላ አንዱ በያጅ ወንበር አቆመ፤ ወንበሩ ተንገዳገደ። ወለሉ ይሆናል ብሎ ቦታ ቀየረ። አሁንም ተንገዳገደ። ሜትር አወጣ። ሦስቱ እግር 45፣ አንዱ 44። ከክምሩ ሌላ አነሣ፣ 44። ሌላ አነሣ፣ 44። የመቁረጫው መለኪያ ማቆሚያ ብሎኑ ላልቶ አንድ ሴንቲሜትር ሸርተት ብሎ ነበር። መቼ? ሰኞ፣ የመጀመሪያዎቹ 120 ከተቆረጡ በኋላ። የቀሩት 480 በሙሉ አጭር ናቸው። ረጅም ቢሆኑ ደግመን እንቆርጣቸው ነበር፤ አጭር ብረት ግን አይለጠጥም። ደግሞ ደህናውና መጥፎው ተቀላቅሏል፤ ስለዚህ ስድስት መቶውን አንድ በአንድ ለካን።

ጥፋቱ የማን ነው? የቆራጩ አይደለም። ብሎን ይላላል፤ የትም ያለ ነገር ነው። ጥፋቱ ስሕተቱ ከተፈጠረበት ሰኞ እስከታወቀበት ሐሙስ ድረስ ክምሩ ስለደበቀው ነው። ለዚህ ነው ክምችት ችግር ይሸፍናል የሚባለው። መጽሐፍ ላይ አንድ መስመር ነው፤ እኔ ግን በሜትር ለክቼዋለሁ።

ክምሩን በቀናት እንለካው። የሊትል ሕግ የምትሉት ነው፤ በመካከል ያለውን ዕቃ በቀን ፍጆታ አካፍሉት። 600 ለ120 ሲካፈል 5 ነው። ማለትም ዛሬ የተቆረጠ እግር፣ ክምሩ ሙሉ ከሆነና በተራው ከተነሣ፣ በያጅ እጅ የሚገባው ከአምስት የሥራ ቀን በኋላ ነው። ስሕተቱም እንደዚያው አምስት ቀን ሊደበቅ ይችላል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ካንባን አስገባን። ነገሩ ቀላል ነው። ሃያ እግር የሚይዙ የብረት ሣጥኖች አዘጋጀን። ለእያንዳንዱ ሣጥን አንድ ካርድ፤ ካርቶን ላይ ተጽፎ በላስቲክ የተሸፈነ። ካርዱ ላይ ያለው ይህ ነው፤ የዕቃው ስም፣ ርዝመቱ፣ በሣጥን ስንት፣ ከየት ወደ የት። በያጁ ከአዲስ ሣጥን የመጀመሪያውን እግር ሲያነሣ ካርዱን ነቅሎ ቆራጩ አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ ይሰቅላል። ቆራጩ ሰሌዳው ላይ ካርድ ካለ ይቆርጣል፣ ከሌለ አይቆርጥም። የተሞላው ሣጥን ካርዱን ይዞ ይመለሳል። ካርድ የሌለው ሣጥን ወለሉ ላይ መገኘት የለበትም።

እዚህ የተጠቀምነው አንድ ዓይነት ካርድ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ቆራጩና በያጁ በአሥራ አምስት እርምጃ ርቀት ላይ ናቸው። ጣቢያዎቹ ሲራራቁ ሁለት ዓይነት ካርድ ያስፈልጋል። አንዱ “ሄደህ አምጣ” የሚል የማንሻ ካርድ፣ ሌላው “ይህን ሥራ” የሚል የምርት ካርድ። ፈተና ላይ የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ ይህ ልዩነት ነው፤ አንዱ ዕቃ ያንቀሳቅሳል፣ ሌላው ሥራ ያስጀምራል።

ስንት ካርድ ያስፈልጋል? ቀመሩ ይህ ነው፤

```
N = D × L × (1 + a) ÷ C
```

N የካርዱ ቁጥር ነው። D በቀን የሚፈለገው፣ 120። C ሣጥኑ የሚይዘው፣ 20። a ለመጠባበቂያ የሚጨመረው፤ እኛ 20 በመቶ ወሰድን፣ 0.2 ማለት ነው። L ሊድ ታይም ነው፤ ተማሪ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ሊድ ታይም የመቁረጫ ጊዜ ብቻ አይደለም። ካርዱ ከተነቀለበት ደቂቃ ጀምሮ የተሞላው ሣጥን በያጁ ዘንድ እስከሚደርስ ድረስ ያለው ሁሉ ነው። ሰዓት ይዤ ተከታተልኩት። ካርዱ ሰሌዳው ላይ ሳይታይ የሚቆየው አንድ ሰዓት ያህል ነው። ማሽኑ ሌላ ዕቃ እየቆረጠ ስለሆነ ተራ የሚጠብቀው ሁለት ሰዓት። ሃያውን እግር መቁረጥ ሃያ ደቂቃ። መሞረድና ማድረስ አርባ ደቂቃ። ድምሩ አራት ሰዓት። ከአራቱ ሰዓት ሦስቱ ጥበቃ ብቻ እንደሆነ ልብ በሉ። የሥራ ቀናችን ስምንት ሰዓት ነው፤ ስለዚህ L ግማሽ ቀን፣ 0.5 ነው። D በቀን ከሆነ L-ም በቀን መሆን አለበት። 4 ብላችሁ ብታስገቡ 28.8 ካርድ ይመጣላችሁና ነገሩ ሁሉ ይበላሻል።

120 ሲባዛ በ0.5፣ 60። ሲባዛ በ1.2፣ 72። ለ20 ሲካፈል 3.6። ግማሽና ከፊል ካርድ የለም፤ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው የሚጠጋጋው። 4 ካርድ።

አራት ካርድ ማለት አራት ሣጥን፣ ማለትም ቢበዛ 80 እግር ማለት ነው። ከ600 ወደ 80። 80 ለ120 ሲካፈል ሁለት ሦስተኛ ቀን ይሆናል፤ ከአምስት ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ። ብሎኑ እንደገና ቢላላ ቢበዛ ሰማንያ እግር ይበላሻል እንጂ አራት መቶ ሰማንያ አይበላሽም። የሚታወቀውም ያንኑ ቀን ወይም በማግሥቱ ጠዋት ነው።

እዚህ ላይ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። “መምህር፣ ቆራጩ ካርድ ከሌለ ዝም ብሎ ይቀመጣል ማለት ነው? እኛ ፋብሪካ ቢሆን አለቃዬ ያባርረኛል።”

ጥያቄሽ ትክክል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የደረሰብን ይኸው ነው። ቆራጩ ቆሞ መታየት አሳፈረው። ካርድ ሳይኖር ሁለት ሣጥን ቆርጦ ከጠረጴዛው ሥር አስቀመጠ። “ለነገ ይሆናል” አለ። እኛም ዝም ብንል ኖሮ በወሩ ያው ክምር ግድግዳው ሥር ነበር። ለብቻው የሚለካ ሠራተኛ፣ በቆረጠው ቁጥር ብቻ የሚመሰገን ሠራተኛ፣ ፑልን ይጥሳል። ስለዚህ ምስጋናውን በቁራጭ ብዛት መስጠት አቆምን። ካርድ በሌለበት ሰዓት ደግሞ ሌላ ሥራ ተሰጠው፤ ማሽኑን ማጽዳት፣ ምላጭ መቀየር፣ በያጁን ማገዝ። አንድ ፋብሪካ ካንባን ሠርቶለት እንደሆነ ማወቅ ከፈለግሽ ሰሌዳውን አትመልከቺ። ጠረጴዛ ሥር ጎንበስ ብለሽ ካርድ የሌለው ዕቃ ፈልጊ።

ሁለተኛው ችግር ማሽን ማስተካከያ ነበር። ቆራጩ እግር ብቻ አይቆርጥም፤ መደገፊያና መወጣሪያም ይቆርጣል። በቀን ስድስት ሣጥን እግር፣ ሦስት መደገፊያ፣ ሦስት መወጣሪያ። ድምሩ 12 ሣጥን። እያንዳንዱ በሃያ ደቂቃ ሲቆረጥ አራት ሰዓት። ከአንዱ ርዝመት ወደ ሌላው ሲሄድ ማቆሚያውን ፈትቶ፣ በሜትር ለክቶ፣ ሞክሮ፣ እንደገና ለማጥበቅ ሌላ ሃያ ደቂቃ ይፈጅበታል። ካርዶቹ ተሰባጥረው መጥተው በየሣጥኑ ቢቀያይር አሥራ ሁለት ጊዜ ሃያ ደቂቃ፣ ሌላ አራት ሰዓት። ስምንት ሰዓቱ አለቀ። መሞረጃም፣ ማድረሻም፣ ምላጭ መቀየሪያም ጊዜ የለም። ሰኞና ማክሰኞ ስድስት መቶ በአንድ ላይ ይቆርጥ የነበረውም ለዚህ ነው። ሰውየው ልክ ነበር፤ በሃያ ደቂቃ ማስተካከያ ትንንሽ ባች፣ ማለትም ጥቂት ጥቂት አድርጎ መቁረጥ፣ አይቻልም።

መፍትሔው ትልቅ ገንዘብ አልጠየቀም። በማሽኑ ሐዲድ ላይ ለሦስቱ ርዝመቶች ሦስት ቀዳዳ በድሪል በሳን። ማቆሚያው አሁን በብሎን አይጠብቅም፤ ፒን ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። ሃያ ደቂቃው ሁለት ደቂቃ ሆነ። አሥራ ሁለት ጊዜ ሁለት፣ ሃያ አራት ደቂቃ። ሌላም ጥቅም አገኘንበት፤ ቀዳዳ ውስጥ የገባ ፒን አይሸራተትም። የመጀመሪያው በሽታ መድኃኒት አብሮ መጣ። ይህን የማስተካከያ ጊዜ ማሳጠር ወደ ዘዴ የለወጠው ጃፓናዊው መሐንዲስ ሺጌዮ ሺንጎ ነው። ግቡን ከአሥር ደቂቃ በታች አድርጎ ነው ያስቀመጠው። ፈተና ላይ “ጀስት ኢን ታይም ያለምን አይቆምም?” ከተባላችሁ ይህን ከፊት ጻፉት። ማስተካከያው ሳያጥር ባቹን ያሳነሰ ሰው ማሽኑን ነው የሚገድለው።

አሁን ደግሞ ወሰኑን እንይ። መብራት ይጠፋል። ግማሽ ቀን መብራት የሚጠፋ ከሆነ ሊድ ታይሙ ግማሽ ቀን መሆኑ ይቀርና አንድ ቀን ይሆናል። እንደገና አስሉት። 120 ሲባዛ በ1 ሲባዛ በ1.2 ለ20 ሲካፈል 7.2 ነው። ስምንት ካርድ። መብራቱ ብቻውን ክምችታችንን እጥፍ አደረገው። እኛ ያደረግነው አራቱን ነጭ ካርድ እንዳሉ ትተን አራት ቀይ ካርድ በመሳቢያ ማስቀመጥ ነው። የመብራት ተራ ሲታወቅ ቀዮቹ ይወጣሉ፤ መብራቱ ሲስተካከል ከሣጥኑ ላይ ሲነቀሉ ወደ ሰሌዳው ሳይሆን ወደ መሳቢያው ይመለሳሉ። ካልተመለሱ ስምንቱ ቋሚ ይሆናሉ።

ከዚህም የሚከብደው ቱቦላሬው ራሱ ነው። ብረቱ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ትእዛዙ ወራት ይወስዳል። ካርድ ነቅለን ወደብ ላይ ልንሰቅል አንችልም። ስለዚህ ብረቱን በግምት ገዝተን መጋዘን እናስገባለን። ያ ፑሽ ነው፤ አያሳፍርም። ከመጋዘኑ በር ወዲህ ያለው ግን ፑል ነው። የትኛውም ፋብሪካ ይህ ድንበር አለው። ጥሩ መልስ “ይህ ድርጅት ፑል ነው” ብሎ አያበቃም፤ ድንበሩ የት ላይ እንደሆነ ይናገራል።

ድንበሩን በግልጽ የማየው በእንጀራ ነው። ሰፈራችሁ ያለ ሱቅ ጋጋሪዋ በየማለዳው ስድሳ እንጀራ ታመጣለታለች እንበል። ተሸጠም አልተሸጠም ስድሳ። ዝናብ በጣለ ቀን ሃያው ያድርና ይደርቃል። ይህ ፑሽ ነው። ሌላው ሱቅ ሃያ ሃያ የሚይዙ ሦስት ሰፌዶች አሉት። አንዱ ሰፌድ ባዶ ሲሆን ልጁን ይልካል፤ “ሰፌዱን ለእማማ አድርስ።” ባዶው ሰፌድ ሲደርስ ሃያ ይጋገራል። ሰፌዱ ካርድ ነው። ግን አስቡ፤ ሊጡስ? ሊጥ ለመቡካት ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። ሰፌዱ ሲመጣ ዱቄት ቢቦካ አይደርስም። ስለዚህ እማማ ሊጡን በግምት ታቦካለች፤ ፑሽ። ምጣዱ ላይ የምትጋግረው ግን በሰፌዱ ልክ ነው፤ ፑል። ድንበሩ ቡሃቃው ላይ ነው። የሳምንቱን ገበያ የምትገምተው ለሊጡ ብቻ ነው፤ ገምታ ብትሳሳትም የሚተርፈው ሊጥ እንጂ የደረቀ እንጀራ አይደለም።

“ጀስት ኢን ታይም ክምችት ዜሮ ማድረግ ነው” የሚል ምርጫ ፈተና ላይ ከመጣ አትክበቡት። አራቱ ካርድ ራሱ ክምችት ነው፤ 20 በመቶው መጠባበቂያ ነው። ክምችት ሲያንስ የሚከፈለውንም ዋጋ እወቁ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1997 በጃፓን ካሪያ የሚገኘው የአይሲን ፋብሪካ ተቃጠለ። ለቶዮታ መኪኖች ፍሬን የምትገባን አንዲት ትንሽ ቫልቭ ከሞላ ጎደል ብቻውን የሚያቀርበው እሱ ነበር። በእጅ ያለው ቫልቭ ቶሎ አለቀና የቶዮታ የጃፓን መገጣጠሚያ መስመሮች በአብዛኛው ለቀናት ቆሙ። ሌሎች አቅራቢዎች ተረባርበው ያችን ቫልቭ በየማሽናቸው መሥራት ጀመሩ፤ በሳምንት አካባቢ ምርቱ ወደ ቦታው ተመለሰ። ያኔ ዋናው ድክመት የካርዱ ማነስ ብቻ አልነበረም፤ አንድ ዕቃ በአንድ ቤት ላይ መንጠልጠሉ ነው።

የመጨረሻ ጥያቄ፤ ይህን እዚሁ ሥሩልኝ። የልብስ ስፌት መስመር ነው። በቀን 400 ኮሌታ ይፈለጋል። ሣጥኑ 50 ይይዛል። ሊድ ታይሙ ሁለት ሰዓት ነው፣ የሥራ ቀኑ ስምንት። መጠባበቂያው 10 በመቶ። (ደቂቃ ሰጠኋቸው። ከኋላ አንዱ “ሁለት!” አለ። ቀድሞ የጠየቀችው ልጅ “ሦስት” አለች።)

ሦስት ነው። ሁለት ሰዓት ከስምንት 0.25 ቀን ነው። 400 ሲባዛ በ0.25፣ 100። ሲባዛ በ1.1፣ 110። ለ50 ሲካፈል 2.2። ወደ ላይ፣ 3። ሁለት ያልከው ወንድሜ፣ ስሌትህ ልክ ነበር፤ ወደ ታች ስላጠጋጋኸው ነው። በሁለት ካርድ የሚኖርህ 100 ኮሌታ ነው፤ ያ ለሁለቱ ሰዓት ፍጆታ ልክ ይበቃል፣ መጠባበቂያ ግን አንድም የለህም። አንድ መርፌ ከተሰበረ መስመሩ ይቆማል።

ሦስቱ ካርድ ሳምንቱን ሙሉ ያለ ችግር ከሄዱስ? አንድ ካርድ ከሰሌዳው ላይ ንቀልና ኪስህ ክተት። መስመሩ የት ላይ እንደሚቆም ትኩር ብለህ ተመልከት። ካርዶቹን የማዘዋውረው እኔ ብሆን መጀመሪያ የምሄደው እዚያው የቆመበት ቦታ ነው፤ ምላጩን፣ ብሎኑን ወይም ጥበቃውን እዚያ አገኘዋለሁ።